36 ልጆች፣ አምስት ጠዋት

የነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ለአዲስ አበባ ወላጅ አስቸጋሪ ነው። ቡሄ አልፏል፣ ፍልሰታ ተፈትቷል፣ ትምህርት ቤት ግን ገና አልተከፈተም። ልጆቹ ቴሌቪዥኑም ግቢውም ሰልችቷቸዋል፤ ዝናቡ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከቤት አያስወጣም። የሰፈር ማዕከላት የአንድ ሳምንት የዕረፍት ክለብ የሚያዘጋጁት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰሞን ነው። ለማዕከል አስተባባሪዎችና ለበጎ ፈቃደኞች የምጽፈው ይህ ምክር እኔም ይህንኑ ሳምንት ደጋግሜ ካዘጋጀሁ በኋላ የደረስኩበት ነው።

የመጀመሪያ ዓመቴ ስህተት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አምስት የሚያማምሩ የቀን ርዕሶች መርጬ፣ በቀለም ጽፌ፣ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ልጆቹን በዕድሜ ከፍዬ በሦስት ክፍል አስገባኋቸውና ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያው አቆየኋቸው። ሰኞ ሁሉም መጡ። ማክሰኞ የስድስት ዓመቷ ልጅ እህቷ ካለችበት ክፍል ካልገባሁ ብላ ጠዋቱን በሙሉ አለቀሰች። ረቡዕ ከትልልቆቹ ግማሹ ቀሩ፤ ሐሙስ ሁለት ብቻ መጡ። ምክንያቱን የነገረኝ በር ላይ ያገኘሁት የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ምንም አንሠራም፤ የምንጠበቅ ነው የምንመስለው» አለኝ። የርዕሶቹ ማማር ምንም አልረዳኝም። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማወጣው የሰዎቹን አደላደል ነው፣ ቀጥዬ የሰዓቱን፤ የቀኑ ርዕስ መጨረሻ ላይ ይገባል።

ከምዝገባ እንጀምር። «ስንት ልጅ እንቀበል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የአዳራሹ ስፋት ሳይሆን የአዋቂው ቁጥር ነው። የእንግሊዙ የሕፃናት ጥበቃ ድርጅት ኤንኤስፒሲሲ የሚመክረው መጠን ለእኛም ጥሩ መነሻ ይሆናል፤ ከ4 እስከ 8 ዓመት ላሉ ለስድስት ልጅ አንድ አዋቂ፣ ከ9 እስከ 12 ላሉ ለስምንት ልጅ አንድ፣ ከ13 በላይ ላሉ ለአሥር ልጅ አንድ። አምስት አዋቂ ካለኝ ሁለቱን ለትንንሾቹ፣ ሁለቱን ለመካከለኞቹ፣ አንዱን ለትልልቆቹ እመድባለሁ። ስለዚህ 12 ትንንሽ፣ 16 መካከለኛ፣ 8 ትልልቅ፣ በድምሩ 36 ልጅ እመዘግባለሁ። ከትልልቆቹ አሥር መቀበል እችል ነበር፤ ሁለቱን ቦታ የተውኩበትን ምክንያት ወዲያው ታዩታላችሁ። አስተባባሪው ከአምስቱ አይቆጠርም። እሱ ስልክ የሚያነሳ፣ የወደቀ ልጅ ጉልበት የሚያጥብ፣ የቀረ ሰው የሚተካ ስድስተኛ ሰው ነው። ራሱን ከአምስቱ አንዱ አድርጎ የቆጠረ አስተባባሪ ገና ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ይጸጸታል።

የምዝገባ ቅጹ ረጅም አይሁን። ስም፣ ዕድሜ፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ የማይስማማው ምግብ ወይም የሚወስደው መድኃኒት፣ እና ልጁን ማን እንደሚወስደው። የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን የ12 ዓመት ወንድም ታናሹን ይዞ መሄድ ይችላል ወይስ አይችልም? ይህን ወላጅ ራሱ ጽፎ ይፈርምበት። ስሙ በቅጹ ላይ ለሌለ ሰው፣ «አጎቱ ነኝ» ቢልም፣ ሕፃኑ እየሮጠ ቢያቅፈውም፣ ሳይደወል ልጅ አይሰጥም። ሌላው የማይታለፍ ደንብ ደግሞ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አለመሆኑ ነው። ሽንት ቤት ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፣ አዋቂው ውጪ በር ላይ ይቆማል።

አሁን ወደ አደላደሉ። 36ቱን በሁለት መንገድ እከፍላቸዋለሁ። አንዱ ክፍፍል በዕድሜ ነው። ሌላው «ቤተሰብ» ብለን የምንጠራው ነው፤ አራት ቤተሰብ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ትንንሽ፣ አራት መካከለኛ፣ ሁለት ትልልቅ፣ በጠቅላላ ዘጠኝ ልጅ። ትልልቆቹን በስምንት የገደብኩት ለዚህ ነው። ሁለት ትልልቅ ልጆች በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሥራ ይከፋፈላሉ፤ ሦስት ከሆኑ ግን የራሳቸውን ወሬ ይጀምራሉ። ወንድምና እህት በአንድ ቤተሰብ ይግቡ፣ ካልፈለጉ ብቻ ይለያዩ። የቤተሰቡን ስም ልጆቹ ራሳቸው ያውጡት፤ ባለፈው ዓመት «ሽሮ» የሚባል ቤተሰብ ነበረን፣ አምስቱንም ቀን ስሙን በኩራት ሲጠሩት ነበር።

ክለቡ ግማሽ ቀን ነው፤ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30። ሙሉ ቀን ለሚሠሩ ወላጆች ይህ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ነገር ግን ምሳ ማብላት ሌላ ኩሽና፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወርደው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዘጋጅ ማዕከል በግማሽ ቀን ይጀምር።

ከዓርብ መዝጊያ በቀር ሰዓቱ በአምስቱም ቀን አይለወጥም፤ የሚለወጠው በውስጡ የሚሠራው ነው። ትንንሽ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ካወቀ አያለቅስም። ከ2፡30 እስከ 3፡00 ልጆች እየተንጠባጠቡ ስለሚመጡ ጠረጴዛ ላይ ማንም ሳያስጀምራቸው የሚነካኩት ነገር ይቀመጣል፤ ቀለም፣ ገበጣ፣ ገመድ። 3፡00 ላይ ክብ ሠርተን በአንድ መዝሙር ቀኑን እንከፍታለን። ከ3፡15 እስከ 4፡00 በዕድሜ ተከፍለው ይሠራሉ። ከዚያ እስከ 4፡30 እጅ መታጠብና መክሰስ፣ እስከ 5፡15 ውጪ ጨዋታ፣ እስከ 6፡00 በቤተሰብ ሥራ፣ ከዚያ ተረት፣ በመጨረሻ ርክክብ።

ሰላሳ ደቂቃ ለመክሰስ ብዙ የሚመስለው የቧንቧውን ወረፋ ያላየ ሰው ነው። አንድ ልጅ እጁን ታጥቦ ለሌላው ቦታ እስኪለቅ ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል። ሁለት ቧንቧ ካላችሁ 36 ልጅ በዘጠኝ ደቂቃ ያልቃል፤ አንድ ብቻ ከሆነ 18 ደቂቃ። ከየትኛውም ጨዋታ የበለጠ ጠብ የሚነሳው በዚህ ወረፋ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ሲታጠብ ሌሎቹ ሦስቱ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ሁለተኛ ቧንቧ ከሌለ ከታች ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ይቀመጣል። መክሰሱ ዳቦና ሙዝ ይሁን። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ልጆች ስለሚኖሩ ለሁሉም የሚሆን የጾም መክሰስ በሳምንቱ ሙሉ ማቅረብ ሁለት ዓይነት ሳህን ከመያዝ ያድናል።

ሰኞ የጨዋታ ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ስም መለማመድ ስለሆነ መቀስም ቀለምም አያስፈልገውም። ልጆቹ በሚያውቁት እንጀምራለን፤ ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ ቅልልቦሽ፣ አባሮሽ። በዕድሜ ክፍሉ ጊዜ ትልልቆቹ ገበጣ ይሠራሉ። 30 እንቁላል የሚይዘው የካርቶን ትሪ አምስት ረድፍ ስድስት ጉድጓድ ስላለው ከአንዱ ትሪ ባለ 12 ጉድጓድ ሁለት ገበጣ ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ 48 ሽምብራ ይቆጠራል፣ በየጉድጓዱ አራት አራት። ሁለት ትሪ ለአራቱ ቤተሰብ በቃ ማለት ነው። በቤተሰብ ጊዜ ትልልቆቹ የሠሩትን ይዘው ለመካከለኞቹ ያስተምራሉ፣ ትንንሾቹ ሽምብራውን ይቆጥራሉ። ያ የ14 ዓመት ልጅ የጎደለው እንዲህ ያለ ነገር ነበር።

ለማንኛውም ቀን ርዕስ ስመርጥ የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ለሥራው ሦስት ዓይነት እጅ ይገኝለታል ወይ? የአምስት ዓመት ልጅ እጅ፣ የአሥር ዓመት ልጅ እጅ፣ የ14 ዓመት ልጅ እጅ። ለአንዱ ካልተገኘ ርዕሱ ምንም ቢያምር ይቀራል። «የሳይንስ ቀን» ሁለት ጊዜ ሞክሬ የተውኩት ለዚህ ነው። ትልልቆቹ ሲሠሩ ትንንሾቹ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን ማየቱም ይቀራል።

ማክሰኞ የወረቀትና የቀለም ቀን ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ጎረቤት የሚታደለው ሥዕል ይዘጋጃል። ለአንድ ልጅ ሦስት ወረቀት ብትይዙ 108 ነው፤ አንድ ባለ 500 እሽግ ከበቂ በላይ ነው። ትንንሾቹ አደይ አበባ ይቀባሉ። ትልልቆቹ «ሥዕል የሕፃን ነው» ስለሚሉ የአዲሱን ዓመት የግድግዳ ካላንደር እንዲያሰምሩ እንሰጣቸዋለን፤ 12 ወር ባለ 30 ቀን፣ ጳጉሜን በአምስት ወይም በስድስት። መካከለኞቹ ቀኑን ያሰላሉ። ዓመቱ 52 ሳምንትና አንድ ቀን ስለሆነ መስከረም 1 በየዓመቱ አንድ ቀን ይገፋል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ሁለት ቀን ይዘላል። የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነበር፣ የ2019 ዓርብ ነው፤ 2019 ጳጉሜን 6 ስላለው የ2020 እሑድ ይውላል። ይህን ራሱ ያገኘ የአሥር ዓመት ልጅ ቤት ሄዶ አባቱን ሳይፈትን አያድርም።

ረቡዕን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ብዙ የሚያስተምር ቀን ነው፣ ብዙ የሚበላሽበትም ነው። የጓዳ ቀን ነው፤ ዳቦ ቆሎ እንሠራለን። የመረጥነው ጾም ስለሆነ፣ ሳይበላሽ ስለሚቆይ፣ ከሁሉ በላይ ግን ሦስቱንም እጅ ስለሚፈልግ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ግማሽ ኪሎ ዱቄት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ሩብ ሊትር የማይሞላ ውኃ። ለአራቱ ቤተሰብ ሁለት ኪሎ ዱቄት ይበቃል።

የዕድሜው ክፍል ሰዓት ሲደርስ ትልልቆቹ መዝነው ያቦካሉ። ውኃው በአንድ ጊዜ አይፈስም፤ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ ሊጡ ጠንከር እስኪል ይታሻል። ጣት ላይ ከተጣበቀ ውኃ በዝቷል፤ ዱቄት ይጨመር። ሲዳመጥ ከተሰነጣጠቀ ደግሞ ውኃ አንሶታል። መካከለኞቹ በዚያው ሰዓት የወረቀት ከረጢት ያጣጥፋሉ፣ ትንንሾቹ በከረጢቱ ላይ የሚለጠፈውን ይሥላሉ። ሊጡ ተሸፍኖ መክሰስና ውጪ ጨዋታ እስኪያልቅ ያርፋል፤ ይህ ዕረፍት በፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ሰዓት ስለሆነ ማንም ቆሞ አይጠብቅም። 5፡15 ላይ ቤተሰቡ በየጠረጴዛው ይሰበሰባል። ትንንሾቹ ሊጡን እንደ እባብ በቀጭኑ ያድበለብላሉ፣ ከትንሽ ጣታቸው እንዳይወፍር። መካከለኞቹ ጫፉ በደፈነ መቀስ የሽምብራ ፍሬ በሚያክል መጠን ይቆራርጣሉ። ትልልቆቹ በትሪ እየሰበሰቡ ወደ ምድጃው ያደርሳሉ። ምድጃው ላይ አዋቂ ብቻ ነው የሚቆመው፤ ምድጃውም የሚቀመጠው ከአዳራሹ ውጪ ነው፣ በራፉ በወንበር ተዘግቶ።

የሚበላሸው ይህ ነው። መጀመሪያ፣ አንድ ትልቅ ሊጥ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ካደረጋችሁ ስድስት ልጅ ይሠራል፣ ሠላሳው ይገፋፋል። አራት ሊጥ፣ አራት ጠረጴዛ። ሁለተኛ፣ አንድ መጥበሻ ብቻ ከያዛችሁ አታደርሱም። የአንድ ቤተሰብ ቁራጭ በሁለት ዙር ቢታመስ እያንዳንዱ ዙር ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይወስዳል፤ ስምንት ዙር በአንድ መጥበሻ ከ80 እስከ 120 ደቂቃ ነው። ሁለት ሰፋፊ መጥበሻ ይኑር፣ የተረፈው ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ይታመስና ሐሙስ ይታደል። ይህን ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ባዶ ከረጢት ይዞ ወደ ቤት መሄድ ለስድስት ዓመት ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስተኛውን ከራሴ ተምሬዋለሁ። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች የፊት ጥርሳቸው የሚነቃነቅበት ዕድሜ ነው፤ ዳቦ ቆሎ ደግሞ ጠንካራ ነው። አንድ ጥርስ በእኛ ጠረጴዛ ላይ ወልቋል። ልጁ ደስ ብሎት ነበር፣ እናቱ ግን ደሙን ሲያዩ እንደሱ አልተደሰቱም። አሁን ለትንንሾቹ ከዚያው ሊጥ ስስ ቂጣ እንጋግርላቸዋለን፤ ቆሎውን ለቤተሰብ ይዘው ይሄዳሉ።

ሐሙስ የሰፈር ቀን ነው። ከግቢ መውጣት ሐሙስ የሆነበት ምክንያት እስከዚያ የትኛው ልጅ እንደሚሮጥ፣ የትኛው እንደሚዘገይ ስለምናውቅ ነው። 36 ልጅ በአንድ ጊዜ አይወጣም። ሁለት ቤተሰብ፣ 18 ልጅ፣ ከሦስት አዋቂ ጋር ይወጣል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ቤተሰብ ከሁለቱ አዋቂና ከአስተባባሪው ጋር ግቢ ይቀራሉ። ከመክሰስ በኋላ ይቀያየራሉ። የዚህ ቀን ሥራ የሰፈር ካርታ ነው፤ ትንንሾቹ የሚያዩትን ይናገራሉ፣ መካከለኞቹ ይሥላሉ፣ ትልልቆቹ እርምጃ ቆጥረው ርቀቱን ይለካሉ። ጫማ ሰፊው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው ጋ ቀድማችሁ ሄዳችሁ አስፈቅዱ። አንድ ሱቅ በራፍ ላይ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ትንሹ ከትልቁ ጋር፣ ይሄዳሉ፤ ሲወጡ፣ መንገድ ከመሻገራቸው በፊት፣ ከተሻገሩ በኋላና ሲመለሱ ይቆጠራሉ። ቆጣሪው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሁለት ሰው ሲቆጥር እያንዳንዱ ሌላው ቆጥሯል ብሎ ይተወዋል።

ጠዋት ከዘነበስ? ሁሉም አስተባባሪ «ተረት እናወራለን» ይላል። የማዕከሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ዝናቡ ሲያይል ተረቱን የሚሰማው ከጎናችሁ የተቀመጠው ልጅ ብቻ ነው። የዝናብ ዕቅድ ያለ ድምፅ የሚሠራ መሆን አለበት፤ ገበጣ፣ ቅልልቦሽ፣ ገመድ በጣት መሥራት፣ ወረቀት ማጠፍ። ይህን ዕቃ በአንድ ካርቶን አድርጋችሁ «ዝናብ» ብላችሁ ጻፉበት፤ ያለ ዝናብ አይከፈት። ሰኞ በጸሐይ ከተከፈተ ረቡዕ ዘንቦ አዲስ ነገር አይኖረውም።

ዓርብ ወላጅ የሚመጣበት ቀን ነው። መድረክ ላይ ትርኢት አላቀርብም። ለትርኢት ልምምድ ሐሙስ ይሞታል፣ ከዚያም ትንንሾቹ መጋረጃው ሲከፈት ያለቅሳሉ። በምትኩ አራት ጠረጴዛ እናዘጋጃለን፤ ገበጣ፣ ሥዕልና ካላንደር፣ ዳቦ ቆሎ፣ ካርታ። በየጠረጴዛው ልጆች ቆመው ለመጣው እንግዳ ያስረዳሉ፤ ገበጣውን ወላጅ ተቀምጦ ይጫወታል። በሥራ ቀን ጠዋት አባት ብዙ አይገኝም፤ አያቶችና አክስቶች ናቸው የሚመጡት። አያት ደግሞ ገበጣ ላይ ለልጅ ልጁ አይራራም። የዓርብ ፕሮግራም 5፡45 ላይ ያልቃል፤ ለጁምዓ ሶላት የሚሄዱ ቤተሰቦች እንዲደርሱ። ይህም በምዝገባ ቅጹ ላይ ቀድሞ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ግማሹ ወላጅ ልጁን ሊወስድ 6፡30 ላይ ይመጣል።

ልጆቹ ሲሄዱ አዋቂዎቹ ወደ ቤት ከመበተናቸው በፊት ሩብ ሰዓት ይቀመጡ። ማን ስንት ቀን እንደቀረ፣ ምን ዕቃ እንዳለቀ፣ ምን እንደተረፈ በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ በተለይ የትልልቆቹ የረቡዕና የሐሙስ ቁጥር። ስምንቱም ሐሙስ ከመጡ አደላደሉ ሠርቷል። ደብተሩን ከምዝገባ ቅጾቹ ጋር ቁልፍ ካለው መሳቢያ አስቀምጡት፣ ቅጾቹ ላይ የወላጆች ስልክ አለና፤ የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ሲደርስ ከእሱ ትጀምራላችሁ።